ፊዚክስ 39 ይበቃዋል

ግንቦት ሲጋመስ ጉርድ ሾላ ላይ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ገበያ ይደራል። ዓመቱን ሙሉ መታወቂያና የኪራይ ውል ሲያባዙ የከረሙት ማሽኖች ያለፉ ዓመታትን የ12ኛ ክፍል ፈተና መትፋት ይጀምራሉ። ከመገናኛ በመጣው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሲኤምሲ፣ አያት!» እያለ ሲጮህ፣ ከኋላ ወንበር ጥግ የተቀመጠችው ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጸሎት ይመስላል፤ ፎርሙላ ነው። በየሳሎኑም አዋጅ ይታወጃል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ይዘጋል፣ አባት ኳሱን እንደ ድምፅ አልባ ፊልም ያያል፣ ጎል ሲገባም በሹክሹክታ ይደሰታል።

ከጥናቱ በፊት ግን ፕሮግራም አለ። ፕሮግራም ሳይነድፍ ያጠና ተማሪ በዚህ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። የእህቴም ልጅ ነደፈች። ማስመሪያ፣ አራት ቀለም እስክሪብቶና አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን ተገዛ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ «መነሳት» ይላል። ከዚያ ስድስቱ ትምህርቶች በየቀኑ እኩል ሁለት ሁለት ሰዓት ተካፍለዋል፤ ውርስ የሚያካፍል ዳኛ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ምሳ ግማሽ ሰዓት ተፈቅዶለታል፤ ቁርስ ተረስቷል። ሠንጠረዡን ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀ፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ግን ሠንጠረዡ ውስጥ የሉም።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኳት። «ግን ስንት ልታመጪ ነው?»

«ማለፊያውን ነዋ!»

ማለፊያውን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀው ውጤት 50 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሆነ፣ ልጆቹ ካልጋ ልብሳቸው ጋር ተሰደዱ፣ ውጤቱም ሲመጣ ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው፤ ቢሆንም ወላጅን የሚያስተኛ ቁጥር አይደለም። አባቷን አላስተኛውም።

አባቷ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። «ሃምሳ ማለት ሃምሳ ነው» ይላል። «በእያንዳንዱ ትምህርት ሃምሳ። ፊዚክስ 34 ያመጣ ልጅ ወድቋል፤ ሌላ ምን ትርጉም አለው?» እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ሰፈር እንዲህ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በስድስት ትምህርት ይፈተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ይያዛል፣ ድምሩ 600፣ ማለፊያው ከድምሩ 300። ፊዚክስ ለብቻው የሚቆምበት ደጃፍ የለም። ባዮሎጂ የፊዚክስን ዕዳ መክፈል ይችላል፤ እንግሊዝኛ የሒሳብን። አባቷ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። ልጁ በዕዳ የምትገባ መሰለው።

እንግዲህ ካርቶኑን ገልብጠን በጀርባው ጻፍን። ከትምህርት ቤቷ ሞዴል ፈተና ያመጣችው ይህ ነበር፦ እንግሊዝኛ 54፣ ሒሳብ 33፣ አፕቲቲዩድ 47፣ ፊዚክስ 34፣ ኬሚስትሪ 43፣ ባዮሎጂ 51። ድምር 262። ማለፊያው 300 ነውና 38 ይጎድላታል። «38 ብቻ!» አለች፤ ፊቷ በራ። እኔም ለጊዜው ፊቷ ይብራ ብዬ ዝም አልኩ።

ምክንያቱም ከዚያ 262 ውስጥ ብዙ ነጥብ የእሷ አይደለም። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፣ አራት አማራጭ አላቸው፣ የተሳሳተ መልስም ነጥብ አያስቀንስም። ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ወረቀቱን ሙሉ ቢያጠቁር 25 ግድም ያገኛል። ይህን በአፍ ብነግራቸው ማንም አላመነኝም። እህቴ «ምንም ያላወቀ ዜሮ ነው የሚያገኘው» አለች። ስለዚህ የልጅቷን ታናሽ ወንድም ጠራነው። አራተኛ ክፍል ነው። የድሮ የፊዚክስ ፈተና መልስ መስጫ ሰጠነው፣ ጥያቄውን አላሳየነውም፣ «ደስ ያለህን አጥቁር» አልነው። ምላሱን አውጥቶ፣ ተጠንቅቆ፣ ክቦቹን ከመስመር ሳያስወጣ አጠቆረ። ሲታረም ከመቶ 27 ሆነ።

አባቷ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ትልቋን አየ፣ ትንሹን አየ፣ «በሰባት ነጥብ ነው የምትበልጪው?» አላት።

ጥያቄው ጭካኔ ቢኖረውም ስሌቱ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ዋናው ስሌት እሱ ነው። ውጤትን ወደ እውቀት ለመመለስ 25ቱን ቀንሰህ የቀረውን በ0.75 ታካፍላለህ። ሒሳብ 33 ማለት 8 ሲካፈል ለ0.75፣ ማለትም ከመቶው 11 ያህሉን አውቃለች፤ የቀረው ዕድል ነው። ባዮሎጂ 51 ማለት 35 ያህሉን አውቃለች። አሁን የአባቷን «በእያንዳንዱ ትምህርት ሃምሳ» እንፈትነው። ሒሳብን ከ33 ወደ 50 ለማድረስ እውቀቷ ከ11 ወደ 33 መውጣት አለበት፤ ሦስት እጥፍ። በአራት ዓመት 11 የገባበት ጭንቅላት ውስጥ በአምስት ሳምንት ሌላ 22 መጨመር ማለት ነው። ፊዚክስም ያው። ይህን ሁሉ ተሳክቶላት በየትምህርቱ 50 ብታደርስ፣ ከ50 በላይ ያሉት እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ባሉበት ይቆዩና ድምሩ 305 ይሆናል። ለ305 ያ ሁሉ ግብግብ!

ነገሩ ሌላም መዘዝ አለው። አንድ ተጨማሪ ነገር ስትማር የምታገኘው አንድ ሙሉ ነጥብ አይደለም፤ ያንን ጥያቄ ባታውቀውም ኖሮ ሩብ ዕድል ነበራትና ትርፏ 0.75 ነው። ስለዚህ 38 ነጥብ ለመጨመር 51 ያህል አዲስ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፊቷ የጠቆረው ያን ጊዜ ነው።

አሁንም አልጨረስንም፤ 300 ማነጣጠር ራሱ ስህተት ነውና። በግምት የሚሞላው ክፍል አንድ ቀን ያዘንባል፣ አንድ ቀን ያደርቃል። በእሷ ደረጃ ላይ ላለ ተማሪ በስድስቱ ትምህርት ተደምሮ ዕድል ብቻውን 9 ነጥብ ያህል ወዲያ ወይም ወዲህ ሊወስዳት ይችላል። በትክክል 300 ለማምጣት የተዘጋጀ ልጅ እንግዲህ የሚያልፈው ሳንቲም ተወርውሮ ነው። ስለዚህ ግቡን 315 አደረግነው፤ ከዕድሉ አንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ትርፍ። ከ262 ወደ 315፤ የሚፈለገው 53 ነጥብ።

53ቱን ከየት እናምጣ? ይህ ነው ቀሪው ጥያቄ፤ መልሱም «ዝቅተኛ ከሆነበት» አይደለም። መልሱ ነጥቡ ከሚረክስበት ነው። የት እንደሚረክስ ለማወቅ ደግሞ የውጤቱን ቁጥር አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ወረቀቱን መክፈት ያስፈልጋል። የባዮሎጂውን ሞዴል አወጣን። 100 ጥያቄ ነበረው። «ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ምልክት አድርጊ» አልኳት። እርግጠኛ ሆነሽ የመለስሽው ላይ ራይት፣ በሁለት መካከል ያመነታሽበት ላይ የጥያቄ ምልክት፣ እንዲሁ ያጠቆርሽው ላይ ክብ። ለማስታወስ ትንሽ አንገራገረች፤ ተማሪ ያጠቆረውን ሁሉ አውቆ እንዳጠቆረ ማመን ይወዳል። በመጨረሻ ግን ተለየ።

እርግጠኛ የነበረችበት 40 ነበር፤ ከዚያ ትክክል የሆነው 33። ያመነታችበት 24፤ ትክክሉ 11። በጭፍን ያጠቆረችው 36፤ ትክክሉ 7። ድምሩ ያው 51። አሁን ግን 51ዱ አፍ አውጥቶ ይናገራል። በእርግጠኝነት ተሳስታ የጣለቻቸው 7 ጥያቄዎች አሉ፤ አምስቱ ማይቶሲስና ሚዮሲስን እንዲሁም የእነሱን ዘመዶች ያምታታችባቸው ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ሁለቱን ጎን ለጎን ብትሥላቸው የሚስተካከል ነው። በሁለት መካከል አመንትታ የጣለቻቸው 13 አሉ፤ ምዕራፉን ታውቀዋለች፣ መጨረሻዋ ላይ ነው የከዳት። እነዚህ 20 ነጥቦች አዲስ ምዕራፍ ሳይከፈት፣ አዲስ መጽሐፍ ሳይገዛ የሚገኙ ናቸው። እኛ ከባዮሎጂ የጠየቅነው 12 ብቻ ነው።

የፊዚክሱ ወረቀት በተመሳሳይ ሲለይ ታሪኩ ሌላ ሆነ። ራይቱ ጥቂት፣ ጥያቄ ምልክቱ ጥቂት፣ ክቡ ገጽ ሙሉ። አመንትታ እንኳ አታውቅም፤ ለማመንታት ትንሽ ማወቅ ይፈልጋል። እዚያ ነጥብ የሚገኘው ከመነሻው አዲስ በመማር ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። ስለዚህ ፊዚክስን አልጣልነውም፣ ግን ደሞዙን ቆረጥነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ካለው ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ መረጥን፦ ቀጥታ እንቅስቃሴን ከኒውተን ሕጎች ጋር፣ ሌላው ቀላል የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት። የቀረውን በጭፍን ታጥቁር። ከ34 ወደ 39።

ኬሚስትሪ መካከል ላይ ነው። ወረቀቱን ስናየው በአራት የተለያዩ ምዕራፎች የሳተቻቸው ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመሩ ነበር፤ ሞል። የሪአክሽኑ ስሌት በሞል ነው፣ የሶሉሽኑ በሞል ነው፣ የጋዙ በሞል ነው፣ ኤሌክትሮሊሲሱም መጨረሻው ሞል ነው። ልጅቷ ከግራም ወደ ሞል ስትቀይር አንዳንዴ ታባዛለች፣ አንዳንዴ ታካፍላለች፤ እንደ ስሜቷ። ይህ አንድ ቋጠሮ ቢፈታ አራት ምዕራፍ ይላላል። እዚያ 11 ነጥብ ጠየቅን፤ ብዙ ሰዓትም መደብን።

አፕቲቲዩድ ላይ ያልጠበቅነው ተገኘ። የሳተቻቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ተከምረዋል። «እነዚህን ምን ሆንሽ?» ስላት «ሰዓት አለቀ፤ ሁሉንም ሲ አልኳቸው» አለች። ሲ በተማሪ ዘንድ የተለየ ክብር አላት፤ ስትቸገር የምትደርስ ፊደል ናት። በእርግጥ አንዱን ፊደል ደጋግሞ ማጥቆርና ተራ በተራ መገመት በአማካይ ያው ሩብ ነው፤ ቅዱስ ፊደል የለም። ችግሩ ግን እነዚያን የመጨረሻ ጥያቄዎች አንብባቸው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ታውቃቸው ነበር። መካከል ላይ ካለ አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ ጋር እልህ ተጋብታ ነው ጊዜው የሄደው። ለዚህ መድኃኒቱ ማንበብ አይደለም፤ በሰዓት መለማመድ ነው። አንድ ጥያቄ ከደቂቃ በላይ ከያዘ ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ ለመመለስ ጊዜ ካለ መመለስ። 10 ነጥብ፣ በርካሽ።

እንግሊዝኛ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ምንባቦቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን አስቀድማ ታንብብ፣ በየቀኑ አንድ ምንባብ ትሥራ፣ 8 ትጨምር አልን። ሒሳብ ላይ ደግሞ 7፤ ሎጋሪዝም፣ የፈንክሽን መሠረት፣ ከ12ኛ ክፍል ደግሞ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ በቀጥታ የሚጠየቁበትን ብቻ። የቃል ፕሮብለም የለበሱት ይለፏት።

እንዲህ ሆነና ካርቶኑ ላይ የሰፈረው ግብ ይህ ነው፦ እንግሊዝኛ 62፣ ሒሳብ 40፣ አፕቲቲዩድ 57፣ ፊዚክስ 39፣ ኬሚስትሪ 54፣ ባዮሎጂ 63። ድምር 315። አባቷ መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ተነፈሰ፣ ፊዚክስ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«እቅድ ነው ወይስ ኑዛዜ?» አለኝ። «ሰው ለመውደቅ ያቅዳል?»

«በድምር ታልፋለች እኮ።»

«ድምሩን እንግዳ አያየውም፤ 39ን ያየዋል።»

ሰዓቱን ማከፋፈል ከዚህ በኋላ ቀላል ሆነ። ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስድስት ሰዓት እውነተኛ ጥናት ቢባል 180 ሰዓት ይመጣል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጀምረው ፕሮግራም ይህን ቁጥር ሲያይ ይስቃል፤ እሱ በቀን 12 ሰዓት ነበር ያቀደው። ግን የተቀመጡበት ሰዓትና የተጠናበት ሰዓት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ከ180ው ላይ ደግሞ 30 ቀነስን፤ መብራት ይሄዳል፣ አክስት ከደሴ ትመጣለች፣ ቡና ይፈላል፣ የጎረቤት ልቅሶ ይኖራል። ለ150 ሰዓት በጀት ያዝን። ኬሚስትሪ 40፣ ባዮሎጂ 35፣ ሒሳብ 25፣ አፕቲቲዩድ 20፣ እንግሊዝኛ 15፣ ፊዚክስ 15። በአማካይ ለአንድ ነጥብ ሦስት ሰዓት ትንሽ ሲቀረው። ይህን ስነግራት ስልኳን አየችው። ቲክቶክ ላይ ያሳለፈችው የትናንት ማታ በነጥብ ተተምኖ ታያት መሰል።

ከዚያ ጥናቱ ተጀመረ፤ ከጥናቱም ጋር መዘዞቹ።

አንደኛው የመጣው ከደግ ጓደኛ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የኬሚስትሪ ፈተና ሠርታ 71 አምጥታ እየዘለለች መጣች። ቤቱ ደስታ ሆነ፤ እህቴ ዳቦ ልትደፋ ተነሣች። እኔ ወረቀቱን ጠየቅሁ። የዚያ ፈተና መልስ በጓደኞቿ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከተለቀቀ ቆይቷል፤ እሷም «አንዳንዱን አይቼው ነበር» አለች። አይታው ነበርና ያመጣችው ውጤት የኬሚስትሪ ሳይሆን የማስታወስ ችሎታዋ ነው። መለኪያ የሚሆነው ዓይኗ ያላረፈበት የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ከመነሻው ሁለቱን የድሮ ዓመታት ፈተናዎች አሽገን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠናቸው የነበረው። የትምህርት ቤት ሞዴልም ቢሆን አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይቀላል፤ ልጁን ለማስደንገጥ ወይም ለማስደሰት ተብሎ የሚወጣም አለ። ግቡ የተነሣበት 262 ራሱ በዚህ ምክንያት በጥርጣሬ መያዝ ነበረበት።

ከታሸጉት አንዱ ተከፈተ። በሰዓት ተሠራ። ባዮሎጂ 58፣ አፕቲቲዩድ 55፤ ደህና። ኬሚስትሪ ግን 42። ብዙ ሰዓት የበላው ኬሚስትሪ ከሞዴሉ በአንድ ነጥብ ወረደ! አባቷ ይህን ቀን ሲጠብቅ የከረመ ይመስል «ይኸው!» አለ። «ሞል ሞል ስትሉ ጊዜዋን ጨረሳችሁባት። ፊዚክሱን ብታጠና ይሻል ነበር።»

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ እቅድ ይሞታል። አንዲት ቁጥር ትወርዳለች፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ፕሮግራሙ ይቀደዳል፣ ሁሉም ነገር እንደገና እኩል ሁለት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ትምህርት ላይ አራት ነጥብ ያህል መውረድና መውጣት የዕድል ሥራ ነው፤ ስለ ልጅቱ የሚነግረን ነገር የለም። መታየት ያለበት ራይቱ ነው። ቆጠርነው። በሞዴሉ ላይ እርግጠኛ ሆና በትክክል የመለሰችው ከመቶው 20 ነበር፤ አሁን 29 ሆኗል። በጭፍን ያጠቆረቻቸው ናቸው በዚያ ቀን ያልቀኗት። እውቀቱ ወጥቷል፣ ዕድሉ ወርዷል፤ ዕድሉ ይመለሳል። አባቷ ይህን ሲሰማ «ኦዲተር ሁልጊዜ ቁጥር ያጣምማል» ብሎ ወጣ። ለነገሩ ኦዲተር አይደለሁም።

እቅዱን ግን በአንድ ቦታ ነካነው። አፕቲቲዩድ በሁለት ሳምንት 55 ከደረሰ፣ ቀሪ ሰዓቱ ሁሉ እዚያ ቢፈስስ ብዙ አይጨምርም፤ ርካሹ ተለቅሟል። ከሱ 6 ሰዓት ወስደን ለሒሳብ ሰጠን። ፊዚክስን ማንም አልነካውም። በእርግጥ በአንዱ ማታ በሩ ተዘግቶ፣ አባትና ልጅ ሹክሹክታ ሲያደርጉ ሰምቻለሁ፤ ኦፕቲክስ የሚል ቃል ወጣ። ሕገ ወጥ ንግድ ነበር።

ጎረቤታችን ያለው የማኅበራዊ ሳይንስ ልጅ ይህን ሰምቶ መጣ። የእሱ ስድስቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ናቸው፤ ስሌቱ ግን አንድ ነው። እናቱ አብረው መጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለሱም እንደዚህ ያለ ትንሽ ቁጥር ጻፉለት» አሉን። ሞዴሉ 214 ነበር። በዚያው 15 ትርፍ ግቡን ብንይዝለት 101 ነጥብ ይቀረዋል። ለእሱ ርካሽ ነጥብ ብቻ ለቅሞ መድረስ አይቻልም ነበር፤ የእቅዱም ወሰን እዚያ ጋ ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በደጃፉ አጠገብ ለቆመ ሰው እንጂ ገና ከሜዳው ማዶ ላለ ሰው መንገድ አያሳጥርም። እንዲህ ላለው የአቅም ማሻሻያው ፕሮግራም፣ ልጆቹ ሪሚዲያል የሚሉት፣ ሌላ ደጃፍ ሊሆን ይችላል። ይህን ለእናቱ እንዴት እንደምናገር እያሰብኩ ሳለ ልጁ ራሱ «እማዬ፣ እኔ ሪሚዲያል ነኝ» አላቸው። እሳቸው የአንድ ትምህርት ስም መሰላቸው። «ጎበዝ፣ እሱን ጠበቅ አድርገህ አጥና» አሉት።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ነገር መማር ቆመ። የጥያቄ ምልክት የተደረገባቸው ብቻ ተከለሱ፤ የታሸገው ሁለተኛ ወረቀት ተሠራ፤ ድምሩ 311 መጣ። ከግቡ 4 ይጎድላል፣ ከማለፊያው 11 ይተርፋል። ከዚያ ማጥቆር ተለማመደች፤ አዎ፣ ማጥቆር። አንድ ጥያቄ ዘልላ የመልስ መስጫው ላይ መዝለል የረሳች ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ይንሸራተትባታል፤ የዚያን ዓይነት ኪሳራ የሚሸፍን ባዮሎጂ የለም። በየአሥር ጥያቄው ቁጥሩን ማየት፣ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያለ መልስ የቀረውን ሁሉ ማጥቆር፣ አንድም ባዶ ክብ አለመተው።

ፈተናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው እንግዶች ሊመርቋት መጡ። የሰፈር ሽማግሌዎች፣ የእናቷ የዕድር ጓደኞች፣ ያቺ ከደሴ የመጣች አክስት። ካርቶኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር። እንግዶቹ ቡናቸውን ይዘው በየተራ ያነቡታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ሽማግሌ ፊዚክስ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አዩና «ተባረኪ! ይሄን ያህል?» አሉ።

ዘወር ብዬ አየሁት። ሌሊቱን አንድ ሰው እስክሪብቶ ይዞ መጥቶ የ39ኙን 3 በጥንቃቄ ዘግቶ 8 አድርጎታል። ፊዚክስ 89። ከሥሩ ድምሩ አሁንም 315 ይላል። ከእንግዶቹ መካከል አንድም ሰው አልደመረውም፤ አባቷም የቡናውን ስኒ አፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያይ ነበር።